ሁለት ዙር መድኃኒት ጨርሼ የጨጓራ ባክቴሪያው አሁንም «ፖዘቲቭ» ነው፤ ቁስለት ነው ወይስ ብግነት?

የክሩ መነሻ፦ ጥያቄውን የለጠፈችው የ36 ዓመት የአዲስ አበባ ነዋሪ ናት፤ ቀኑ ጥር 25። ከመስከረም ጀምሮ ልብ አፏን ያቃጥላታል። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከበላች 9 ወይም 10 ሰዓት ሲሆን ይነሳባታል፤ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። ቁራሽ ዳቦ ቀመስ ስታደርግ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዋታል። ክሊኒክ ሄዳ ከጣቷ ደም ተወስዶ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተባለች። ኅዳር ላይ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከሁለት አንቲባዮቲኮች፣ ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ለ10 ቀን ወሰደች። በድጋሚ የደም ምርመራ አደረገች፣ ያው ፖዘቲቭ። እነዚያኑ መድኃኒቶች ለ14 ቀን ደገመች፤ የመጨረሻውን ክኒን የዋጠችው ጥር 4 ነው። ጥር 18 ለሦስተኛ ጊዜ ከጣቷ ደም ሰጠች፣ አሁንም ፖዘቲቭ። ሦስተኛ ዙር ታዞላት ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ኦሜፕራዞሉን በየማለዳው አላቋረጠችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ሕመሙ ቁስለት ነው ወይስ ብግነት፣ ሦስተኛውን ዙርስ ልጀምር?

1ኛ መልስ፦ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ገባ፤ ጥርጥር አልነበረውም። ሲራብ የሚብስ፣ ሲበላ የሚሻል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ቁስለት ነው አለ። ምክንያቱንም አስረዳ፦ ምግብ ጨጓራ ውስጥ እስካለ ድረስ አሲዱን ይይዘዋል፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ጨጓራው ባዶ ሲሆን ግን አሲዱ ወደ አንጀቱ ይወርድና ቁስሉን ይነካዋል። ልክ ከበሉ በኋላ የሚብስ ከሆነ ቁስሉ ጨጓራው ላይ ነው፤ ሰዓት የማይለይ ማቃጠል ደግሞ ብግነት ነው ብሎ ደመደመ።

2ኛ መልስ፦ አንዱ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ ቃር ነው ብሎ አረፈ። ትራስ ከፍ አድርጊ፣ እራት በጊዜ ብዪ፣ ቲማቲም ተዪ የሚል ዝርዝር አስከተለ።

3ኛ መልስ፦ ጠያቂዋ በትሕትና መለሰች። ወደ ደረትና ጉሮሮ የሚወጣ ነገር የለም፣ ኮምጣጣ ውኃም ወደ አፏ አይመጣም፤ ማቃጠሉ ከጎድን አጥንቶቿ መገናኛ በታች፣ መሐል ላይ ነው።

4ኛ መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም መሆኑን የገለጸ ተሳታፊ 1ኛውን መልስ አረመ። የአሲዱ ነገር የተባለው ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን አይጸናም ይላል። እንዲህ በረሃብና በሌሊት እየተነሳባቸው ኢንዶስኮፒ ሲደረግላቸው፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራቸው ሲታይ፣ ምንም ቁስል የማይገኝባቸው ብዙ ናቸው፤ ቁስለት ኖሮባቸው ሰዓቱ የተዘበራረቀ ወይም ጨርሶ ሕመም የሌላቸውም አሉ። ስለዚህ የምግብ ሰዓት ጥርጣሬን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም።

የሐኪሙ ሁለተኛ ነጥብ «ቁስለት ወይስ ብግነት» የሚለው አጠያየቅ ራሱ ያሳስታል የሚል ነው። ብግነት የግድግዳው ሽፋን መቆጣት ነው፤ ባክቴሪያው የገባበት ጨጓራ፣ ባለቤቱ ምንም ባይሰማውም፣ ይቆጣል። ቁስለት ግን ሽፋኑ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሲወጣለት ነው፤ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል። ክሊኒክ ውስጥ ሆድ በእጅ ተዳብሶ «ጨጓራ ነው» ሲባል ግን ማንም ሽፋኑን አላየውም። በኢንዶስኮፒ የታየ መቅላት እንኳ ናሙና ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካልተረጋገጠ ብግነት ለማለት አያስደፍርም። (ይህን ክር የምጽፍላችሁ እኔም «ጨጓራ አለብኝ» ማለትን እንደ በሽታ ስም ስጠቀምበት የኖርኩ ነኝ፤ ለካ የአካል ክፍል ስም ነው የምጠራው።)

5ኛ መልስ፦ ክሩን ያዞረችው የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ስለ ሕመሙ ምንም አላለችም፤ የጠየቀችው የተወሰደው ናሙና ደም ነው ወይስ ሰገራ የሚለውን ብቻ ነው። ከጣት የተወሰደው ደም የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ሞቶ ካለቀ በኋላ አንቲቦዲው ደም ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እንግዲህ ጠያቂዋ ኅዳር ላይ ሙሉ በሙሉ ድና ቢሆን ኖሮም የጥር 18ቱ ምርመራ ፖዘቲቭ ማለቱ አይቀርም ነበር። ሁለተኛው ዙር ራሱ ሳያስፈልግ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ መመርመሪያዎች መልካቸው አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል አለች። ሁለቱም አውራ ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ አንድ የጠብታ ጉድጓድና አንድ መስኮት አላቸው፣ መስኮቱ ላይ አንድ መስመር ከታየ ኔጋቲቭ፣ ሁለት ከታየ ፖዘቲቭ። የሰገራው ግን የሚፈልገው የባክቴሪያውን አንቲጅን፣ ማለትም የራሱን የባክቴሪያውን አካል ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ «አንቲቦዲ» የሚል ከሆነ ለድኅነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ «አንቲጅን» ካለ ይሆናል።

እሱም ቢሆን በአያያዝ ይበላሻል። ሰገራው ከመጠን በላይ ከተጨመረ ፈሳሹ ወፍሮ መስኮቱ ላይ አይሄድም፤ ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ ቀጥኖ ደካማውን መስመር ሊያጠፋው ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው የንባብ ሰዓቱ ነው። አምራቹ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ አንብቡ ብሎ ይጽፋል። ወረፋ በበዛበት ቦታ ግን ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ያኔ መስኮቱ ሲደርቅ ጥላ የመሰለ ሁለተኛ መስመር ይወጣና ፖዘቲቭ ተብሎ ይጻፋል። በሰዓቱ የታየ መስመር ፈዛዛም ቢሆን ፖዘቲቭ ነው፤ ከሰዓቱ በኋላ የመጣ መስመር ግን ምንም አይደለም።

6ኛ መልስ፦ እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። አንድ ተሳታፊ እንግዲያው ክሊኒኮቹ ለምን ይሸጡታል ሲል ጠየቀ። እየዘረፋችሁን ነው ማለት ነው፣ ደም ስትወስዱ ለምን ዝም አላችሁ ብሎ በላብራቶሪ ባለሙያዋ ላይ ዞረባት።

7ኛ መልስ፦ ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ግን አላለሳለሰችም። የታዘዘውን ትሠራለች፣ የምታዘው እሷ አይደለችም። ደም መመርመር ርካሽ ነው፣ ናሙናው እዚያው ይገኛል፣ ሕመምተኛውም ሰገራ አምጣ ሲባል ቅር ይለዋል። ደግሞ የደም ምርመራው ፍጹም ከንቱ አይደለም አለች። ከዚህ በፊት ታክሞ በማያውቅ ሰው ላይ ኔጋቲቭ ከሆነ ጠቃሚ ፍንጭ ነው፤ ቁስሉ እየደማ ሳለ ሌሎቹ ምርመራዎች በሐሰት ኔጋቲቭ ሲሆኑም ሐኪም ሊመለከተው ይችላል። ከሕክምና በኋላ ግን ቦታ የለውም።

8ኛ መልስ፦ ሐኪሙ ተመልሶ ቀኑን በጣት ቆጠረላት። ሰገራም ሆነ ትንፋሽ ሲመረመር ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። ከመጨረሻው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፣ ምክንያቱም የተዳከመው ባክቴሪያ ቁጥሩ ወርዶ ይደበቃል እንጂ አልሞተም ይሆናል። ኦሜፕራዞልና የእሱ ቤተሰብ የሆኑት ደግሞ ከ2 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው፣ አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያውም ስለሚሳሳ። የእሷ አንቲባዮቲክ ያለቀው ጥር 4 ስለሆነ 28 ቀኑ የካቲት 2 ይሞላል። ኦሜፕራዞሉን ጥር 26 ካቆመች 14 ቀኑ የካቲት 10 ላይ ነው። ስለዚህ ከየካቲት 10 በፊት የሚወጣ ኔጋቲቭ አይታመንም።

አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ ለወራት የተወሰደ ኦሜፕራዞል በድንገት ሲቆም አሲዱ ከቀድሞው በላይ ይመነጫል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቃጠሉ ይብስ ይሆናል። ይህን አይተው በሽታው ተመለሰ ብለው በሦስተኛው ቀን ክኒኑን የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ ቆጠራውም እንደገና ከዜሮ ይነሳል። እስከዚያው የሚታኘክ አንታሲድ ሊያግዛት ይችላል።

9ኛ መልስ፦ ቨርጂኒያ የሚኖር ተሳታፊ እዚያ የሚሠራበትን የትንፋሽ ምርመራ ተረከ። መጀመሪያ ከረጢት ውስጥ ይነፋል፤ ቀጥሎ ዩሪያ ያለበት ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛ ከረጢት ይነፋል። ባክቴሪያው ዩሪያውን የሚሰብር ኢንዛይም ስላለው ምልክት የተደረገበት ካርቦን በትንፋሽ ይወጣል። ይህ ጥሩ ነበር፤ ቀጥሎ ግን አገር ቤት ያለው ሁሉ ኋላቀር ነው ማለት ጀመረ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው፦ በደንብ የተሠራ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ለዚህ ጥያቄ ከትንፋሹ ብዙም አያንስም፤ መኪናም አውሮፕላንም አያስፈልገውም።

10ኛ መልስ፦ ሌላ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ገባ። ደም ማነስ ተብሎ የብረት ክኒን ይወስዳል፣ ሰገራው ጠቆረ፤ ደማሁ ወይ ብሎ ጠየቀ።

11ኛ መልስ፦ ሐኪሙ ጉዳዩ ከክሩ ቢወጣም መልስ ይገባዋል አለ። ብረት ሰገራን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለውጠዋል፣ ቅርጹን ግን አያሳጣውም። ከላይ የወረደ ደም እንደ ሬንጅ ያጣብቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ሽታው ለየት ብሎ ይሰነፍጣል፣ በአንድ ውኃ አይወርድም። ያን ያየ ሰው ክር ላይ አይጻፍ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ አለ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ማስታወክ፣ በድንገት እንደ ቢላ የሚወጋና ሆድን እንጨት የሚያደርግ ሕመምም እንዲሁ። ያለ ምክንያት ኪሎ መቀነስና ምግብ ሲዋጥ መያዝ ደግሞ የባክቴሪያ ምርመራ ሳይጠበቅ ወደ ኢንዶስኮፒ ይወስዳሉ። ጠያቂውን ግን ዝም ብሎ አላሰናበተውም፤ የደም ማነሱ ራሱ ከየት እንደመጣ ተመርምሯል ወይ ብሎ ጠየቀው። መልስ አልመጣም።

12ኛ መልስ፦ ክሩ ወደ ተልባና ጾም ዞረ። አንዲት እናት ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ በጥሩ ውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ቢጠጣ ጨጓራን ይለብጣል፣ መድኃኒቱን ሁሉ ተዪው ልጄ ብለው ጻፉ። ዐቢይ ጾም ስለቀረበ እስከ 9 ሰዓት መዋሉን እንዴት ትችይዋለሽ ብለውም አዘኑላት።

13ኛ መልስ፦ የ6ኛው መልስ ባለቤት እዚህም ተሳለ፤ በተልባ ባክቴሪያ የገደለ ሰው አሳዩኝ አላቸው። ሌላ ተሳታፊ እናት አይደሉም ወይ፣ በእርጋታ ተናገር ብሎ ገሠጸው። ሐኪሙ መሐል ገብቶ ተልባ ለጊዜው ሊያስታግስ እንደሚችል፣ ባክቴሪያውን ግን እንደማያጠፋ ተናገረ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ በሕክምና በኩል ጾም ቁስለት አይፈጥርም፣ ያለውን ግን ያሳብቅበታል አለ።

14ኛ መልስ፦ ፋርማሲስቱ የመጀመሪያው ፍርዱ መታረሙን ዋጥ አድርጎ ሌላ ጠቃሚ ነገር ይዞ ተመለሰ። ምርመራው በትክክል ተደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ቦርሳዋ ያለው ሦስተኛ ወረቀት ላይ ክላሪትሮማይሲን እንዳይኖር ትይ አለ። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ መድኃኒት በሦስተኛው አያሸንፍም፤ የተረፈው ባክቴሪያ ለምዶታል። የሚሻለው ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኦሜፕራዞል ጋር ለ14 ቀን ነው። ክኒኑ በቀን ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ ምላስና ሰገራ ያጠቁራል፣ አልኮል ጨርሶ አይነካም። ሰው የሚያቋርጠው በአምስተኛው ቀን ገደማ፣ ማቃጠሉ ሲተወውና ማቅለሽለሹ ሲበረታ ነው፤ ዙሩ የሚከሽፈውም በዚሁ ነው።

ከዚያ በቢስሙዝ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁት፣ በሌቮፍሎክሳሲን ይተካ አለ። ፋርማሲስቱ ይህ ያለ ሐኪም አይሆንም አለ፤ ሌቮፍሎክሳሲን የሳንባ ነቀርሳን ምልክት ለጊዜው ይሸፍናል፣ የሚያስል ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ሜትሮኒዳዞልም ለአሜባ እየተባለ ሲዋጥ ስለኖረ የለመደው ባክቴሪያ መኖሩ አይቀርም ሲል ሌላው ተቃወመ። ፋርማሲስቱ ልክ ነህ፣ ግን መጠኑ በቂ ከሆነና 14 ቀን ከተሞላ ከቢስሙዝ ጋር ሆኖ ያንን በከፊል ይወጣዋል አለው። እዚህ ላይ አልተስማሙም።

15ኛ መልስ፦ ሐኪሙ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ዘነጋሁ ብሎ አንዲት ጥያቄ ጣለ። የሕመም ማስታገሻ ትወስጂያለሽ? ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፤ ለወገብም ለራስም ለወር አበባም ቢሆን።

16ኛ መልስ፦ ጠያቂዋ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለሰች። ከነሐሴ ጀምሮ ለወገቧ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም፣ ብዙ ቀን ሁለት ጊዜ። ለጨጓራ ብሎ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም።

17ኛ መልስ፦ በዚህ መልስ ሐኪሙ 8ኛውን ምክሩን በከፊል ሻረው፤ እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ማስታገሻው ነሐሴ ተጀምሮ ማቃጠሉ መስከረም መምጣቱ ዝም ተብሎ አይታለፍም አለ። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፤ ባክቴሪያ ሳይኖር ብቻቸውን ቁስል ያወጣሉ፣ ባክቴሪያ ካለ ደግሞ አደጋው ይደራረባል። ከምግብ ጋር መውሰድ ወይም በመርፌ መቀየር አያድንም፣ ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚመጣ። ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ዛሬ ታቁም፤ ለወገቧ ፓራሲታሞል በልኩ ትውሰድ።

ኦሜፕራዞሉን ግን ለምርመራ ብላ አታቁም፤ ቁስል ካለ መከላከያውን ማንሳት ይሆናል። ማለዳ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማ ትውሰደው፤ ከምግብ በኋላ የተዋጠ ግማሽ ሥራ ነው። የሰገራ አንቲጅኑን ከየካቲት 2 በኋላ ኦሜፕራዞሉ ላይ ሆና ብታሠራው፣ ፖዘቲቭ ከወጣ ይታመናል። ኔጋቲቭ ከወጣ ግን ለጊዜው መልስ አይደለም፤ ኢንዶስኮፒው ካለፈና ሐኪሟ ክኒኑን ማቆም ትችያለሽ ካላት በኋላ ይደገማል።

18ኛ መልስ፦ ኢንዶስኮፒ አሁን ይደረግ ወይስ ማስታገሻው ቆሞ ጥቂት ሳምንታት ይታይ በሚለው ሁለት ሐኪሞች ተለያዩ። አዲስ የገባችው ሐኪም በ36 ዓመት፣ ደም ሳይታይ፣ ኪሎ ሳይቀንስ፣ መንስኤው ተገኝቶ ሳለ ከፍለሽ ቱቦ ዋጪ ማለት አይገባም ትላለች፤ ለ8 ሳምንት ኦሜፕራዞል ይሰጥና ይታይ። የፊተኛው ሐኪም ግን አምስት ወር የቆየና ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ነው፣ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ በግምት ተሰጥቶበታል፣ አንድ ጊዜ ይታይና ግምቱ ይብቃ አለ። ቁስሉ ጨጓራው ላይ ከተገኘ ከጠርዙ ናሙና ተቆርጦ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ መዳኑ እንደገና መታየት አለበት፣ ካንሰርም ቁስል መስሎ ስለሚመጣ፤ አንጀቱ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህ አያስፈልግም። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ባክቴሪያው ቢጠፋም ማቃጠሉ ላይጠፋ እንደሚችል ነው። ቁስል ከሌለ፣ ባክቴሪያውን ስላጠፋ ብቻ ሕመሙ የሚተወው ከአሥር በላይ ታክመው አንዱን ያህል ነው።

19ኛ መልስ፦ ጠያቂዋ ዳይክሎፌናኩን አቁማ የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ለየካቲት 12 መያዟን ጻፈች። ኦሜፕራዞል ላይ ሆኜ ናሙና ቢቆረጥ ባክቴሪያው ይታያል ወይ ብላ ጠየቀች። ባሏና ልጆቿም ይመርመሩ ወይ የሚል ጨመረች።

20ኛ መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ለመጀመሪያው መለሰች። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያው ከታችኛው ክፍል ይሳሳና ወደ ላይኛው ይሸሻል፤ ስለዚህ ኢንዶስኮፒ የሚያደርገው ሐኪም ከሁለቱም ቦታ ናሙና እንዲቆርጥ አስቀድማ ትጠይቀው። ከታች ብቻ ተቆርጦ ኔጋቲቭ የወጣ ወረቀት እጇ ከገባ ተመልሳ ወደዚሁ ክር ትመጣለች። ስለ ባሏና ልጆቿ የተጠየቀው ግን ማንም ሳይመልሰው ቀረ፤ 21ኛው መልስ የካቲት 12 የባንክ ቀን መሆኑን የሚጠይቅ ነው።